የገበሬው ጥያቄ የት ይቀመጥ? ከእንጅባራና ከዳንግላ የተጻፈ ማስታወሻ

እንጅባራ

ክምሩ አንድ ዓይነት ወረቀት አይደለም። ባለ 50 ሉክ ደብተር አለበት፣ ከስብሰባ የተረፈ አጀንዳ አለበት፣ በማዳበሪያ ደረሰኝ ጀርባ የተጻፈም አለበት። ሁሉም የያዙት ግን አንድ ነገር ነው፦ ገበሬው የጠየቀውን፣ የልማት ሠራተኛው የመለሰውን። ከባንጃ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከአንከሻና ከዳንግላ ቀበሌዎች ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ነው። ጓደኛዬ የሰብል ባለሙያ ናት። ይህን ሁሉ ወደ አንድ ጥራዝ አምጥታ፣ ለቀበሌ አዲስ የሚመደብ የልማት ሠራተኛ በእጁ ይዞት እንዲዞር ትፈልጋለች። እኔን የጠራችኝ አርታዒ ስለሆንኩ ነው፤ ስለ ገብስ የማውቀው ቆሎውንና ጠላውን ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

ከባሕር ዳር በዳንግላ አድርጎ የሚመጣው መንገድ አዲስ ቅዳምን ሲያልፍ ብርዱ ይለወጣል። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ነዋሪው አሁንም ኮሶበር ይላታል። በግራም በቀኝም ያየሁት ከእህል ይልቅ ዲከረንስ ነበር፤ ቅጠሉ ላባ የመሰለው፣ ለከሰል የሚተከለው ግራር። ያንን ዛፍ በደብተሮቹ ውስጥም በየገጹ አገኘዋለሁ ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ሥራውን የጀመርነው በመቀስ ነው። ደብተሮቹን ፎቶ ኮፒ አስነሥተን እያንዳንዱን ጥያቄ ከነመልሱ ቆርጠን በግማሽ ወረቀት ላይ ለጠፍነው። በወረቀቱ ጥግ የደብተሩንና የገጹን ቁጥር ጻፍንበት፤ 3/41 ማለት ሦስተኛው ደብተር ገጽ 41 ማለት ነው። ይህች ቁጥር ከሌለች መልሱ ሲያጠራጥር ወደ ምንጩ መመለስ አይቻልም፤ ሲለዩ ደግሞ መልስ ማጠራጠሩ አይቀርም።

ከዚያ ምድቡ መጣ። መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የሚያውቁት ምድብ ዝግጁ ነበር፦ ሰብል፣ ተፈጥሮ ሀብት፣ እንስሳት፣ መስኖ። አግዳሚ ወንበሮቹን ለአራት ከፍለን መደልደል ስንጀምር፣ ገና ከሰዓት በፊት የሰብሉ ወንበር ሞልቶ ወረቀቱ ወደ መሬት ወረደ፤ የመስኖው ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ከክምሩ እኩሌታውን የያዘ ምድብ ምንም አልለየም። ከጎኑም «ልዩ ልዩ» የሚል አምስተኛ ክምር በራሱ ጊዜ በቀለ። እንዲህ ያለ ክምር ሲያብጥ ያስቀመጣችሁትን ስም እየነቀፈ ነው፤ የወረቀቶቹ ጥፋት የለበትም።

ጓደኛዬ ሌላ መፈተኛ አመጣች። ከክምሩ አንድ እፍኝ ወረቀት አንሥተን፣ እኔ ለብቻዬ እሷም ለብቻዋ ደለደልነው። ከዚያ ያልተስማማንባቸውን ብቻ ለይተን አወጣን። ያልተስማማንባቸው ወረቀቶች የተበታተኑ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነበሩ፦ አፈር።

ከእነሱ አንዱን እንዳለ ልገልብጠው፦

«ማዳበሪያ ብጨምርም ገብሴ ቢጫ ሆኖ ድንክ ቀረ። ኖራ ጨምር ብለውኛል፣ ስንት ልጨምር? ወይስ ዲከረንስ ልትከልበት? — መልስ፦ 25 ኩንታል። አፈሩ ይመርመር።»

እኔ ጥያቄው ስለ ማዳበሪያ ነው ብዬ ሰብል ላይ አስቀመጥኩት። እሷ መልሱ ስለ አፈር ነው ብላ ተፈጥሮ ሀብት ላይ አኖረችው። ሁለታችንም ልክ ነን። የአዊ ደጋ ብዙ ዝናብ ይወርድበታል፤ ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለዘመናት እያጠበ ወስዶ አፈሩን አሲዳማ አድርጎታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በውሃው ውስጥ ይሟሟና የገብሱን ሥር ያሳጥረዋል፤ ፎስፈረሱንም አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ገብሱ ግን አያገኘውም። ገበሬው የሚያየው ያልሠራ ማዳበሪያ ነው፣ ባለሙያዋ የምታየው አሲድ ነው።

ታዲያ ወረቀቱ የት ይቀመጥ? ብዙ ከተከራከርን በኋላ ያጸናነው ደንብ ይህ ነው፦ ወረቀቱን ጥያቄው ያስቀምጠዋል፣ መልሱ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል። አዲሱ የልማት ሠራተኛ ማሳ ዳር ቆሞ ጥራዙን ሲገልጥ የሚሰማው የገበሬውን ቃል ነው። መልሱን ቢያውቀው ኖሮ ጥራዙን ባልገለጠ። «የአፈር አሲዳማነት» በሚል ርእስ ሥር የተደበቀ መልስ፣ ነገሩ አሲድ መሆኑን አስቀድሞ ላወቀ ሰው ብቻ ይጠቅማል።

በዚህ ደንብ የመሥሪያ ቤቱን አራት ምድቦች ትተን ገበሬው በሚጠይቅበት ሰዓት አዲስ ከፈልናቸው፦ ሳይዘራ በፊት፣ ሲያድግ፣ ሲታመም፣ ሲታጨድና ሲከተት፣ ዛፍና ከሰል፣ ከብት፣ ውሃ። ከሰባት በላይ እንዳይሆኑ ጓደኛዬ አጥብቃ ያዘች። ምክንያቷ በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት ነው። ገበሬው ይደውልና ድምፁ «ለዚህ አንድን፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ» እያለ ይመራዋል። በጆሮ የሚሰማ ምርጫ ሲበዛ የመጀመሪያው ይረሳል። የእኛ ጥራዝ በዓይን የሚነበብ ቢሆንም፣ ማሳ ዳር ያለ ሰውም እንደ ደዋዩ ችኩል ነው የሚል እምነት አላት።

ምድቦቹን በፊደል ምልክት ስናደርግባቸው አንድ ነገር ታየኝ። ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልን ብንሄድ፣ አንድ የልማት ሠራተኛ ለሌላው በስልክ «ሀ ሰባትን እይ» ሲለው የትኛው ሀ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በድምፅ የማይጋጩትን ብቻ መረጥን፦ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ በ፣ ተ፣ ነ። ጓደኛዬ «አርታዒ ለዚህ ነው የሚጠቅመው» ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን የገብሱን ወረቀት መቅረጽ ይቻላል። በመጀመሪያ የያዘው አንድ ጥያቄ አይደለም፣ ሦስት ነው፤ ለምን አልሠራም፣ ኖራ ስንት፣ ወይስ ዛፍ። ሦስት ወረቀት አደረግነው። የመጀመሪያው «ሲያድግ» ውስጥ፣ ሁለተኛው «ሳይዘራ በፊት» ውስጥ፣ ሦስተኛው «ዛፍና ከሰል» ውስጥ ገቡ። የሁሉም ጥግ ያው 3/41 ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ «ኖራ ስንት ልጨምር?» ለሚለው ጥያቄ ደብተሮቹ የተለያየ መልስ አላቸውና። አንዱ 25 ኩንታል ይላል፣ ሌላው 12፣ ሌላው 6። ላይ ላዩን ሲያዩት አንዱ እውነት ሌሎቹ ስሕተት ይመስላሉ፤ የአርታዒን እጅም አንዱን መርጦ ሌላውን ለመሰረዝ ይበላዋል። ጓደኛዬ ግን ስሌቱን በወረቀት ላይ አወረደችው።

ኖራ የሚሰላው ላቦራቶሪ ከሚሰጠው የአሲድ መጠን ነው። ላቦራቶሪው 2 ብሎ ከመለሰ፣ የሚታረሰው አፈር ጥልቀት 15 ሳንቲ ሜትር ከተያዘ፣ የአፈሩ ክብደት በሜትር ኩብ 1.1 ቶን ከሆነ፣ አሲዱን ለመመከት በሄክታር 1650 ኪሎ ኖራ ያስፈልጋል። ኖራው በሙሉ ስለማይሠራ በ1.5 ይባዛል፤ 2475 ኪሎ ይሆናል። ይኸው 25 ኩንታሉ። ላቦራቶሪው 1 ብሎ የመለሰለት ጎረቤት በተመሳሳይ ስሌት 12 ኩንታል ገደማ ይደርሰዋል። 6 ኩንታሉስ? ያ ደብተር የሚናገረው በጥማድ ነው፤ ጥማድ የሄክታር ሩብ ገደማ ስለሆነ የ25ቱ ሩብ ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው። እርስ በርስ ሲጣሉ የቆዩት መልሱን የጻፈው ሰው ከቁጥሩ ጎን የመሬቱን ስፋትና የምርመራውን ውጤት ስላልጻፈ ብቻ ነው።

የጥያቄና መልሱን ቅርጽ ያገኘነው ከዚህ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ጥ፦ በሚል ይጀምራል፤ ጥያቄው በገበሬው አፍ፣ በአንደኛ መደብ ይጻፋል። መ፦ የሚለው ሥር መጀመሪያ የሚደረገው ነገር፣ ቀጥሎ ምክንያቱ ይገባል። ከዚያ ለሁሉም ወረቀት አንድ የሆኑ አጫጭር መስመሮች ይከተላሉ፦ ለምን ያህል መሬት፣ የት አካባቢ፣ በስንት ዓ.ም. የተመለሰ፣ ማን ያየው። ያልታወቀ መስመር አይዘለልም፤ ባዶውን ይቀመጣል። የኖራው ወረቀት ሲያልቅ በከፊል ይህን መሰለ፦

ጥ፦ ለመሬቴ ኖራ ስንት ልጨምር?

መ፦ መጀመሪያ አፈርህን አስመርምር፤ መጠኑ ከማሳ ማሳ ይለያያል። ኖራውን ከመዝራትህ አንድ ወር ገደማ በፊት በማሳው ላይ እኩል በትነህ እረሰው፤ ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ አሲዱን ለመስበር ጊዜ ይፈልጋል። ኖራ ማዳበሪያ አይደለም፤ ማዳበሪያውን አታስቀር።

ለምን ያህል መሬት፦ ምሳሌ፣ የምርመራው ውጤት 2 ሲሆን ለሄክታር 25 ኩንታል፣ ለጥማድ 6 ኩንታል ገደማ። ተመልከት፦ ለ-3 (ማዳበሪያ ለምን አልሠራልኝም?)

«በስንት ዓ.ም.» የሚለውን መስመር መጀመሪያ ቢሮክራሲ ነው ብዬ ተቃውሜው ነበር። የማዳበሪያዎቹ ወረቀቶች ሲመጡ ዝም አልኩ። የቆዩት ደብተሮች ሁሉ «ዳፕ ጨምር» ይላሉ። ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመጣው ኤንፒኤስ ሲሆን በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር መጠን ከዳፕ ይለያል፤ ገበሬው ግን አሁንም ዳፕ ብሎ ይጠራዋል። ዓመት የሌለው መልስ የትኛውን ዳፕ እንደሚል አይለይም። እነዚያን ሁሉ ለብቻ አሥረን፣ ባለሙያ ሳያያቸው ጥራዙ ውስጥ እንዳይገቡ ቀይ መስመር ሰጠንባቸው።

እንጅባራ፣ ሌላ ቀን

ዛሬ የድንች ቀን ነው። በዚህ አገር ያለ ድንች መዋል ስለማይቻል ወረቀቱም ብዙ ነው፤ አብዛኛውም አንድ ነገር ይላል፦ ድንቼ ጠወለገ። አንድ ዓይነት ጥያቄዎችን ወደ አንድ ወረቀት መጨፍለቅ ከሥራችን አንዱ ነበርና፣ ደስ ብሎኝ ሁሉንም በላስቲክ አሠርኳቸው። ጓደኛዬ ላስቲኩን ፈታችው።

ጥያቄው አንድ ቢሆንም በሽታው ሁለት ነው። አንደኛው ጭጋግና ዝናብ ሲበዛ ከቅጠል የሚጀምር ነው፤ ጥቁር ጠባሳ ይወጣል፣ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳው የተቃጠለ ይመስላል። ለዚህ በጊዜው የሚረጭ መድኃኒት አለው፤ በደብተሩ ውስጥ ሪዶሚልና ማንኮዜብ ይደጋገማሉ። ሁለተኛው በባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በቀትር ይጠወልጋል፣ በቀጣዮቹ ቀናት አይነሣም። ለዚህ የሚረጭ መድኃኒት የለም። ተክሉን ከነአፈሩ ነቅሎ ማስወገድ፣ ከዚያ ማሳ ዘር አለመያዝ፣ ለተከታታይ ዓመታት ገብስ ወይም ስንዴ መዝራት ነው።

ሁለቱን በአንድ ወረቀት ብንጨፈልቅ ምን ይሆን ነበር? ባክቴሪያ የያዘው ገበሬ ሪዶሚል ገዝቶ ይረጫል፣ ገንዘቡ ይጠፋል፣ በሽታው በዘሩ ወደ ቀጣዩ ማሳ ይሻገራል። ስለዚህ «ሲታመም» ለሚለው ምድብ ብቻ አንድ ተጨማሪ መስመር ፈቀድን፦ እንዴት ይለያል። የድንቹ መለያ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው፦ የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ አካባቢ ቆርጦ በጠራ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል። ባክቴሪያው ከሆነ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርዳል። ጓደኛዬ ከገበያ ዳር ካመጣችው ግንድ ላይ አሳየችኝ፤ ሻይ በምንጠጣበት ብርጭቆ።

ለአንድ ምድብ የተለየ መስመር መፍቀድ የወጥነቱን ደንብ ያፈርሳል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ወጥነት የሚፈለገው አንባቢው የሚፈልገውን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲያገኘው ነው፤ በሽታ ላይ የሚፈልገው ደግሞ መለያውን ነው።

የዲከረንሱ ክምር በሌላ መንገድ ፈተነን። አብዛኛውን ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር አስገብተን ስለነበር፣ ስለዛፉ የተጠየቀውን ሁሉ ለማውጣት ስሙን ጽፈን ፈለግን። የመጣው ጥቂት ነበር፤ በእጅ የቆጠርነው ግን ብዙ። አንዱ የልማት ሠራተኛ ዲከረንስ ጽፏል፣ ሌላው ዲኩረንስ፣ ሌላው ዴክረንስ፣ አንዳንዱም «የከሰል ዛፍ» ብቻ ብሎታል። ለኮምፒዩተሩ ደግሞ ሰብልና ሠብል፣ አፈርና ዐፈር የተለያዩ ናቸው። አንድ ገጽ የአጻጻፍ ዝርዝር አዘጋጀንና ሁሉንም አስተካከልን፤ ገበሬው የተጠቀመባቸውን ሌሎች ስሞች ግን አልጣልናቸውም፣ ከጥያቄው ሥር በቅንፍ አስቀመጥናቸው። ፈላጊው በየትኛውም ስም ቢመጣ ይድረሰው።

የዛፉ ጥያቄዎች ራሳቸው ለአንባቢ ታሪክ ይነግራሉ። የቆዩት ደብተሮች የሚጠይቁት ችግኝ ከየት ይገኛል፣ ከጤፉ ጋር ልትከለው ወይ የሚል ነው። እዚህ የተለመደው አሠራር ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር መትከል፣ ከዚያ ሣሩን ማጨድ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ገደማ ቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ከሰል ማክሰል፣ ከዚያ እንደገና መዝራት ነው። መሬቱ አሲድ ሆኖ እህል ሲያንስበት ብዙው ሰው ወደዚህ ዛፍ ዞረ። በቅርብ ዓመታት ደብተሮች ውስጥ ጥያቄው ተቀይሯል፦ ቅርንጫፉ ላይ እባጭ ወጣ፣ ዝገት የመሰለ ዱቄት ሸፈነው፣ ዛፉ ደረቀ፤ ምን ላድርግ? የዛፉን በሽታ «ዛፍና ከሰል» ውስጥ እናስቀምጠው ወይስ «ሲታመም» ውስጥ? ደንባችን መልሱን ሰጠ፦ ጠያቂው የሚያየው የታመመ ነገር ነው፤ «ሲታመም» ውስጥ ገባ፣ ከዛፉ ምድብ መምሪያ ተጻፈለት። ለብዙዎቹ ወረቀቶች የ«መ፦» መስመር ባዶ ነው። ደብተሩ ውስጥ ያለው «ለወረዳ ሪፖርት ተደርጓል» የሚል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ መልስ አይደለም።

ባዶዎቹን ምን እናድርጋቸው በሚለው ላይ ተከራከርን። እሷ ጥራዙ ያማረ እንዲሆን ማውጣት ፈለገች። እኔ እንዲቆዩ ፈለግሁ። አዲሱ የልማት ሠራተኛ ጥያቄውን ሲያገኘውና ከሥሩ ባዶ ሲያይ፣ ቢያንስ ከራሱ ፈጥሮ እንዳይመልስ ያውቃል። ተስማማን፤ በባዶው ላይ «እስካሁን መልስ አልተገኘለትም» ከሚለው ጋር ማን ሊጠየቅ እንደሚገባ ጻፍንበት።

ዳንግላ

ወደ ታች ስንወርድ ሙቀቱም እህሉም ይለወጣል፤ ዳጉሳና በቆሎ ይበዛል። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የመጣነው ረቂቁን ከማሳተም በፊት ለሚጠይቁት ሰዎች ልናነብላቸው ነው። አንድ የማሠልጠኛ ማዕከል ግቢ ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር፣ ሰዎች ተሰብስበው ጠበቁን። አንዳንዶቹ እርስ በርስ በአውንጊ ያወሩና ለእኛ በአማርኛ ይመልሳሉ።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ሰው የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥራዙን አይቶት የማያውቅ ወጣት የልማት ሠራተኛ ገልጦ ይፈልጋል። ካገኘው በስንተኛው ምድብ እንደጀመረ እንመዘግባለን። ብዙውን በመጀመሪያው አገኘ። የኖራውን ጥያቄ በ«ሲያድግ» ጀምሮ በመምሪያው ወደ «ሳይዘራ በፊት» ሲሻገር ሳየው ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

ያልተገኘው የውሃው ነበር። ምድቡ ቀጭን መሆኑ ሲያሳስበኝ ነበር፤ እንጅባራ ዙሪያ ዝናብ ስለሚበዛ ስለ ውሃ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዳንግላ ላይ ግን ብዙ ቤተሰብ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለው፤ በበጋ ሽንኩርትና ጎመን ያጠጣበታል። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ልጄ፣ ጉድጓዴ መጋቢት ላይ ይደርቅብኛል፤ ሽንኩርቱን መቼ ልትከለው?» አሉ። ወጣቱ «ውሃ» ውስጥ ፈለገ፣ የለም፤ «ሳይዘራ በፊት» ውስጥ ፈለገ፣ የለም። ስለ ጉድጓድ ያለው «ጉድጓድ ስንት ሜትር ይቆፈር?» የሚለው ብቻ ነው።

መልሱ ግን እዚያው ቀበሌዎች ውስጥ ሊኖር ይችላል። በዚህ ወረዳ በዳንግሽታ ቀበሌ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርሶ አደሮች ራሳቸው ዝናቡንና የጉድጓዳቸውን ውሃ ከፍታ እየለኩ በሰንጠረዥ ሲመዘግቡ ነበር። ያ መዝገብ ጥያቄ የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ቢሆንም የጉድጓዱ ውሃ በየትኛው ወር ስንት እንደሚወርድ ካወቁ፣ ሽንኩርቱ በማሳ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥሮ የተከላ ቀኑን ማግኘት ይቻላል። ጓደኛዬ ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው፦

«አባቴ፣ ጉድጓድዎ ዘንድሮ ጥር ላይ ስንት ክንድ ነበረው?»

«ጥር ላይ ሦስት ነበረ። የካቲት ሲጋመስ አንድ ተኩል።»

ለቀረቡት ሁሉ ይህንኑ ጠየቀች፤ ማን እንደለካ፣ ማን እንደገመተ ለየብቻ ጻፈች። ወጣቱ የልማት ሠራተኛ አዲስ ወረቀት አወጣና «ነ-6» ብሎ ጀመረ፦ ጥ፦ ጉድጓዴ በመጋቢት ይደርቃል፤ ሽንኩርቴን መቼ ልትከል? የ«መ፦»ን መስመር ለጊዜው ባዶ ተወው፤ «የት አካባቢ» በሚለው ላይ ዳንግላ ብሎ፣ «ማን ሊጠየቅ» በሚለው ላይ የዳንግሽታን መዝገብ ጻፈ። እኛም ወደ እንጅባራ ሳንመለስ የሽንኩርቱን የማሳ ቆይታ የሚያውቅ የመስኖ ባለሙያ ፍለጋ ስልክ መደወል ጀመርን።